ሳያርስ የሚሰፍር አንባቢ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ፒያሳ ካለች ጠባብ ቡና ቤት ተሰብስበን ስለ መጻሕፍት እንጨዋወታለን። ባለፈው ተራው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። አንዳንዶቻችን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስናነብ ከርመናል፣ አንዳንዶቻችን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ የሰማነውን እያስታወስን መጥተናል። አቦሉ ገና ሳይቀዳ አንድ የተከበሩ አንባቢ ተነሡና፣ «ይህ ልብ ወለድ የመደብ ትግል ነው። ጨቋኝና ተጨቋኝ። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው» ብለው ተቀመጡ። ሦስት ዓረፍተ ነገር! እኛ ሦስት ሳምንት የፈጀንበትን እርሳቸው አንድ ስኒ ቡና እስኪቀዳ ጨረሱት። እንዲህ ያለ ሰው ያላት ከተማ ምን ጎደላት?

ቆጣቢነታቸውን ሳላደንቅ ማለፍ ግፍ ይሆንብኛል። ያችን ዓረፍተ ነገር ካሁን በፊትም ሰምቻታለሁ፤ ባለፈው ዓመት ስለ ሌላ ልብ ወለድ ሲናገሩ ተጠቅመውባታል፤ አንዲት ፊደል አልተቀየረችም፣ አንዲት ነቁጥ አልጠፋባትም። እኔ ደግሞ ወግ አጥባቂ ነኝና፣ አንድ አስተያየት ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲዛወር ካልተሰበረ ስለ ሁለቱም ምንም አላለም ብዬ አምን ነበር። የእርሳቸው ዘዴ ግን እንደ ጉልተኛ ነው። መጽሐፉ ይረስ፣ ይዝራ፣ ይጨድ፤ እርሳቸው አውድማው ላይ ቁና ይዘው ይደርሳሉ።

ነገሩን ያበላሹት እትየ ናቸው። እትየ የቡና ቤቷ ባለቤት ናቸው፤ ደንቢያ ተወልደው ያደጉ፣ ሲናገሩ ረከቦቱን የማይለቁ ሴት። «ልጄ፣ ጭሰኛ ጭሰኛ ስትሉ እሰማለሁ። አባቴ እኮ ጭሰኛ አልነበረም፣ ርስተኛ ነበር። መሬቱ የአያት የቅድመ አያቱ ነው፤ የሚገብረው ግን ለባለ ጉልቱ ነው» አሉ።

ክቡርነታቸው ፈገግ ብለው፣ «ያው ነው እናቴ» አሉ። ያው ነው! ድንቅ ቃል ናት። አንድ ማርክሳዊ አንባቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ለማን፣ ምን፣ በምን መብት ይሰጣል የሚለውን ነው። እርሳቸው ከዚያ አድካሚ ጥያቄ በሁለት ቃል ገላገሉን። ባይገላግሉን ኖሮ የሚከተለውን ልንማር ነበር። በዚያ ዘመን በደቡብ ብዙ ቦታ አራሹ የሚያርሰው መሬት የሌላ ሰው ነበር፤ ምርቱን እኩል ወይም ሲሶ ብሎ ይካፈል፣ ባለመሬቱም ሲፈልግ ያፈናቅለው ነበር። በጎጃምና በበጌምድር ግን አብዛኛው ገበሬ በዘሩ ቆጥሮ የሚያርሰው ርስት ነበረው፤ ጌታው ከመሬቱ የሚያስነሣው ሳይሆን ግብር የሚያስከፍለው ሰው ነበር። ታሪኩ ጎጃም ውስጥ የሚካሄደው ልብ ወለድም ይኸንኑ ነው የሚያሳየን። የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች «መሬት ስጡን» አላሉም፤ ከልማዱ ያለፈ ግብር ሲጠየቁ ነው እንቢ ያሉት። ፊታውራሪ ሊቀጡ ዘመቱ፤ በአበጀ በለው የተመሩት ገበሬዎች ማረኳቸው። የጠቡ ፍሬ «ልማድ» የምትለው ቃል ናት። ገበሬው ሥርዓቱን ሊገለብጥ አልተነሣም፣ ጌታው ያፈረሰውን ሥርዓት ሊያስከብር ነው እንጂ።

ይኼ ተራ ዝርዝር ነው የሚል ካለ፣ ዓመታቱን አንድ ላይ ያስቀምጥ። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ የተሰለፉት በ1957 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። መፈክሩና መጽሐፉ ጎን ለጎን ስለተወለዱ መንታ ናቸው ብሎ መገመት ይቀላል። ግን ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1960 የጎጃም ገበሬ በእውነት ሲያምፅ፣ ያመፀው በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ነበር፤ መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊወሰድ ነው ብሎ ፈራ። ልብ ወለዱ ከመፈክሩ ይልቅ ለዚህ አመፅ ይቀርባል። ክቡርነታቸው ጠቡ የጭሰኛ ባልሆነበት መጽሐፍ ውስጥ ጭሰኛ ነፃ አወጡ፤ ከዚህ የበለጠ ቸርነት የት ይገኛል?

ቀጥሎ የፊታውራሪ ልጅ የሰብለ ወንጌልና የወዳጇ የበዛብህ ነገር ተነሣ። «መደብ ለያያቸው» አሉና ስኳራቸውን አማሰሉ። እውነት ነው፤ እውነት ስለሆነም እዚያው ማቆም ያምራል። ባያቆሙ ግን ሰብለን ወደ በዛብህ ከመድረሷ በፊት ማየት ነበረባቸው። ጠያቂ ሲመጣ አባቷ በዘር አይመጥነንም እያሉ ይመልሳሉ፤ ዕድሜዋ ይገፋል። ፊታውራሪ እዚያ ላይ የሚጠብቁት ሀብት አይደለም፤ ጠያቂዎቹ ድሆች ስለሆኑ አልተባረሩም። የሚጠበቀው አጥንት ነው። አጥንት ግን ጉልት የሚወረስበት፣ ፍርድ የሚቀመጥበት፣ ወንበር የሚያዝበት ሰነድ ስለሆነ ሀብትም ነው። አጥንቱን አላስነካም ያለ ቤት ልጁን የሚድርለት እኩያ እያጣ ይሄዳል። የገዥው ወገን ጥንካሬ የሚባለው ነገር ራሱ ቤቱን ሲያመክነው ታያላችሁ። ይህንን ያየ ሰው መደብን እንደ አጥር ሳይሆን እንደ ሂሳብ ነው ያየው። አጥር ማለት ግን አጭር ነው፣ ይመቻል።

ደግሞ ከመጀመሪያው ምዕራፍ የበዛብህ ወላጆች አሉ። ውድነሽ በጣሙ የባላባት ወገን ናት፤ ቦጋለ መብራቱ ቤቷ አድሮ የሚያገለግል ሰው ነው። ተጋቡ! አጥሩ የት ሄደ? ባሎቿ እየሞቱባት «ገፊ» ተብላለች፤ ጨዋው ፈርቶ ሸሽቷታል። መደብ የዘጋውን በር የከፈተው ጥንቆላ ቀረሽ እምነት ነው። ለሦስት ዓረፍተ ነገር የማይመች ጉዳይ ስለሆነ ክቡርነታቸው ዘለሉት፤ እኔም ቢሆን የዘለሉትን ከመቁጠር መታቀብ ነበረብኝ።

አንዲት ልጅ እግር መምህርት ግን አልታቀበችም። «በዛብህ እኮ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የተሰጠ ልጅ ነው። ሰብለን ሲወድ የሚፈራው ፊታውራሪን ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀች።

መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር። «ሃይማኖት የመደብ መሣሪያ ነው። ያ ፍርሃት የሐሰት ንቃተ ኅሊና ይባላል።»

በጎንደር ቅኔ ቤት እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ተማሪ የሚገጥመውን አውቃለሁ። የኔታ፣ ወርቁን ነገርኸኝ፣ ሰሙን ያላቀለጥኸው ወርቅ ግን ከየት መጣ ይሉታል። ስለቱን የተሳለችው እናት ልጇን ከሞት ለማዳን ነው፤ ማንም ጌታ አላዘዛትም። በዛብህ በስለቱ ቅኔ ተማረ፣ በቅኔውም ነው ፊታውራሪ ቤት አስተማሪ ሆኖ የገባው። ድሃን ልጅ ከባላባት እልፍኝ ያስገባውም ሲወድ የሚያስጨንቀውም ያው ስለት ነው። የድሃው ልጅ የሚያድግበት መሰላል ለምን ቤተ ክህነት ብቻ ሆነ ብለን ብንጠይቅ የመደብ መነጽር ይሠራል፤ አሳምሮ ይሠራል። ሌሊት ብቻውን ሲሆን የሚሰማውን ፍርሃት ግን መነጽሩ አያየውም። ያንን ለማየት ልብ ወለዱን ማንበብ ብቻ ነው መንገዱ።

በነገራችን ላይ እንዲህ ያለውን አቋራጭ አስቀድሞ የነቀፈ አንድ ቡርዧ አለ፤ ስሙ ፍሬድሪክ ኤንግልስ ይባላል፣ የማርክስ የቅርብ ባልንጀራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 ለዮሴፍ ብሎክ በጻፈው ደብዳቤ፣ ኢኮኖሚ በመጨረሻው ወሳኝ ነው ማለታችንን «ብቸኛው ወሳኝ» ብሎ የሚያጣምም ሰው ሐሳቡን ትርጉም የለሽ ሐረግ ያደርገዋል ብሏል። ምስኪን፣ ንቃቱ አልደረሰም።

በቶና ላይ ጉዱ ካሳ መጣ። ሊቀር አይችልም፤ ክቡርነታቸው ንግግሩን በቃላቸው ያውቁታል። ሥርዓታችን እንደ ድንጋይ ካብ ነው፣ ላይኛው ታችኛውን ተጭኖ፣ ታችኛው ከተነቃነቀ ሁሉም የሚናድ። በእውነት ግሩም ምሳሌ ነው፤ እኛ ደግሞ ከመስኮቱ ማዶ የፋሲል ግንብ ስለሚታየን ልዩነቱ ይገባናል። ግንቡን ኖራ ያያይዘዋል፣ ካብን ክብደቱ ብቻ። «ደራሲው በጉዱ ካሳ አፍ ተናገረ! አለቀ!» አሉ።

አላለቀም እንጂ። ጉዱ ካሳ ማን ነው? የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ፣ ከላይኛው ድንጋይ የተፈለጠ ሰው ነው። መንደሩ እብድ ይለዋል። ካቡን ያነቃነቁት ገበሬዎች ሲነሡ መሪያቸው አበጀ በለው ነው፤ ባለ ንግግሩ አይደለም። እውነቱን የሚያውቀው ሰው ኃይል የለውም፣ ኃይል ያላቸው ሰዎች ደግሞ የሚጠይቁት ልማዳቸውን ብቻ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። መደብን በተመለከተ መጽሐፉ ከሚናገረው ሁሉ ይህ ዝምታው ይበልጣል ባይ ነኝ። ንግግሩን ቆርጦ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ሰው ይህንን ክፍተት አያገኘውም፤ ክፍተት አይለጠፍማ።

ደራሲውስ? ሐዲስ ዓለማየሁ የንጉሡ አምባሳደርና ሚኒስትር ነበሩ፤ ካቡን የጻፉት ከካቡ ላይ ሆነው ነው። አሁንም ያው ቡርዧ ጣልቃ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1888 ለማርጋሬት ሃርክነስ ሲጽፍ፣ ባልዛክ ልቡ ከመኳንንቱ ጋር ሆኖ ሳለ መኳንንቱ እንደሚጠፉ ማሳየቱን የእውነተኛ አጻጻፍ ድል ይለዋል፤ የደራሲው አቋም ይበልጥ ሲሰወር ለሥራው ይበጃል ይላል። ስለዚህ ሐዲስ ወገናቸው ማን ነበር ከማለት ይልቅ፣ ፊታውራሪን ለምን አንዳንዴ አስቂኝ፣ አንዳንዴም የሚያሳዝኑ ሽማግሌ አደረጓቸው ማለት ይሻላል። «ጨቋኝ» የሚለው ቃል ሳቁንም ኀዘኑንም አይዝም። ይህን ስል ክቡርነታቸው ሰዓታቸውን አዩ፤ ሌላ ቦታ ሌላ መጽሐፍ ይጠብቃቸዋል።

በረካ ሳይደርስ ሄዱ። መጽሐፋቸውን ጠረጴዛ ላይ ረስተዋል። ውስጡ የባጃጅ ሹፌር የስልክ ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ምልክት ሆና ተቀምጣለች፤ ከጉዱ ካሳ ንግግር ገጽ ላይ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች አዲስ ናቸው።

እስካሁን አልመጡም። እትየ ከቡና ረከቦቱ ጎን አስቀምጠው፣ ሰው በማይኖርበት ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ። ትናንት ገበሬዎቹ እንቢ ካሉበት ደርሰው አገኘኋቸው። ጣታቸው መስመሩ ላይ ነው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«እንዴት ነው እትየ?»

«ቆይ ልጄ» አሉኝ ቀና ሳይሉ፤ «የተጠየቁትን እየቆጠርሁ ነው።»