ሚዛኑ ላይ ያለው ሩዝ ነው ወይስ ውሃ?

«የሩዙ ፓኬት 100 ግራም 360 ካሎሪ ነው ይላል። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ደግሞ ለዚያው 100 ግራም 130 ይለኛል። የቱን ልመን?»

ሁለቱንም። ፓኬቱ የሚያወራው ስለ ጥሬው ሩዝ ነው፤ አፑ ስለ ተቀቀለው። በመሃል ውሃ ገብቷል፣ ውሃ ደግሞ ካሎሪ የለውም።

መልሱ አጭር ነው። ችግሩ ግን እዚያ አያበቃም። ምክንያቱም «130» የምትለዋ ቁጥር ራሷ የቆመች ቁጥር አይደለችም። የእርስዎ ድስት 120 ሊሆን ይችላል፣ የጎረቤትዎ 145። ጥሬው ግን የትም ቢሆን ያው ነው። የኔ አቋም ቀላል ነው፦ ሩዝና ፓስታ በግራም የሚቆጥር ሰው ጥሬውን ይመዝን። የተቀቀለውን መመዘን ካለበት ደግሞ የራሱን ድስት ያስላ።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ጥሬ ሩዝ ደረቅ ይመስላል እንጂ ከመቶ 12 ያህል እጁ ውሃ ነው። የቀረው አብዛኛው ስታርች ነው፣ ትንሽ ፕሮቲንም አለበት። ሁለቱም በግራም 4 ካሎሪ ገደማ ይሰጣሉ። ስለዚህ የየትኛውንም ነጭ ሩዝ ፓኬት ብታገላብጡ ከ350 እስከ 365 አካባቢ ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ብዙም ሊርቅ አይችልም።

ድስቱ ሲሞቅ ነገሩ ይለወጣል። ሙቀቱ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ የሩዙ ስታርች ጥብቅነቱን ያጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል። 100 ግራም ሆኖ የገባው 280 ግራም ገደማ ሆኖ ይወጣል። ካሎሪው ግን አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ሁለት ማንኪያ ስኳር በሲኒ ሻይም በጥብጡት በጆግ ውሃ፣ ስኳሩ ያው ሁለት ማንኪያ ነው። 360ን ለ280 ግራም ስታካፍሉት በግራም 1.3 ይመጣል። የአፑ 130 የተወለደው እዚህ ጋ ነው።

ፓስታ ከሩዝ ያነሰ ውሃ ይጠጣል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ መረጃ ለደረቅ ፓስታ 371፣ ለተቀቀለ 158 ካሎሪ በ100 ግራም ይሰጣል። ያ 158 ግን ፓስታው ምን ያህል እንደበሰለ ይወስነዋል። ጣልያኖች ጥርስ ላይ እንዲይዝ አድርገው ያወጡታል። እኛ ቤት ብዙ ጊዜ ልስልስ እስኪል እንቀቅለዋለን። የበለጠ የተቀቀለው የበለጠ ውሃ ይዟል፤ ስለዚህ በግራም ያለው ካሎሪ ከ158 ይወርዳል። በዚያ ላይ ፓስታ ሲጠል ጥቂት ስታርች ከውሃው ጋር ይሄዳል። የማጥለያውን ውሃ ያደፈረሰው እሱ ነው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ማንም ቤት ውስጥ ሊቆጥረው አይገባም።

አሁን አንድ ድስት እንስራ። ለቤተሰብ የሚሆን የተለመደ ሩዝ ነው፤ በሽንኩርትና በካሮት።

ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሩዝ፣ በ360 ሒሳብ 1,800 ካሎሪ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት 40 ግራም ገደማ ነው። ዘይት በግራም 9 ካሎሪ ስለሆነ 360 ይመጣል። አንድ መቶ ሃምሳ ግራም ሽንኩርትና ካሮት 60 ካሎሪ ያህል። ድምሩ 2,220 ነው። ከዚህ በኋላ ድስቱ ላይ ምንም ይሁን፣ ውሃ ተጨምሮ ይገንፍል፣ ክዳን ተከፍቶ ይተንፍስ፣ ይህ ቁጥር አይነቃነቅም። ውሃው ሁሉ ሩዙ ውስጥ ስለሚገባ የሚደፋ ነገር የለም።

ባዶው ድስት አስቀድሞ ተመዝኗል እንበል፣ 1,150 ግራም። ሩዙ ሲደርስ ከነድስቱ 2,750 ሆነ። ስለዚህ ውስጥ ያለው ምግብ 1,600 ግራም ነው። 2,220 ለ1,600 ሲካፈል በግራም 1.39። አንድ ሰው 300 ግራም ቢያወጣ 417 ካሎሪ ገደማ በላ ማለት ነው።

ያንኑ ሩዝ ሌላ ቀን ሌላ ሰው ሲሠራው ሩብ ሊትር ውሃ ጨመረበት። ለሰስ ብሎ ወጣ፣ ክብደቱም 1,850 ግራም ሆነ። ካሎሪው ያው 2,220 ነው፤ በግራም ግን ወደ 1.2 ወረደ። ያው 300 ግራም አሁን 360 ካሎሪ ነው። ሳህኑ ላይ ያለው መጠን አንድ ነው፣ ሚዛኑም አንድ ቁጥር ያሳያል፣ የተበላው ግን ይለያያል። የትኛውም አፕ ይህንን ሊያውቅ አይችልም፤ ኩሽናችሁ ውስጥ የለምና።

አሁን ሰዎች ወደሚሳሳቱበት እንሂድ። ስህተቱ ሁለት ፊት አለው፣ አንዱ ከሌላው በጣም ይብሳል።

የመጀመሪያው የተቀቀለ መዝኖ የጥሬውን ቁጥር መምረጥ ነው። 300 ግራም ሩዝ ሳህን ላይ አለ፤ አፑ ላይ የተነካው ግን «ሩዝ፣ ጥሬ» ነው። 1,080 ካሎሪ ይወጣል። ሰውየው ይደነግጣል፣ ከሩዝ ጋር ይጣላል፣ ግማሹን ይመልሳል። ይህ ስህተት ያስርባል፣ ግን ቶሎ ይታወቃል። አንድ ሳህን ሩዝ ሺህ ካሎሪ ሲባል ማንም «ቆይ እስቲ» ይላል።

ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። ሰውየው ጎበዝ ነው፣ ፓስታውን ጥሬውን መዘነ፤ 80 ግራም። ከዚያ አፑ ላይ «ፓስታ» ብሎ ጽፎ መጀመሪያ የመጣለትን ነካ። የመጣው የተቀቀለው ነበር። 126 ካሎሪ ተመዘገበ። እውነተኛው ግን 297 ገደማ ነው። ይህ አያስደነግጥም። እንዲያውም ደስ ይላል፣ «ፓስታ እኮ ያን ያህል አይደለም» ያሰኛል። በቀን ሁለቴ ቢደገም ከ300 በላይ ካሎሪ ሳይመዘገብ ያልፋል። ከዚያ «በትክክል እየቆጠርኩ ለምን አልከሳም?» ይመጣል። እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስለ ሆርሞንና ስለ ሜታቦሊዝም ከማውራታችሁ በፊት ፓስታውን ምን ብሎ እንደመዘገበ ጠይቁት።

አፑ ላይ ጥሬ ይሁን የተቀቀለ ካልተጻፈስ? ብዙዎቹ መረጃዎች ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያስገቧቸው ስለሆኑ «ሩዝ» ብቻ ብለው ይቀመጣሉ። መለያው ቀላል ነው። የ100 ግራሙን ቁጥር እዩ። ከ300 በላይ ከሆነ ጥሬ ነው። ከ110 እስከ 170 ባለው ውስጥ ከሆነ የተቀቀለ ነው። ውሃ የጠጣ ሩዝ 300 ሊደርስ አይችልም፣ ደረቅ ሩዝም ወደ 150 ሊወርድ አይችልም። በመሃል ያለ ቁጥር ካያችሁ ዘይት ወይም ሶስ የገባበት ነው፣ አለዚያም ዝም ብሎ የተሳሳተ ነው፤ እለፉት።

ክብደት ለመቀነስ ለሚቆጥር ሰው ይህ ብስጭት ነው። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ግን ከብስጭት ያልፋል። ካርቦሃይድሬት ቆጥረው የኢንሱሊን መጠናቸውን የሚወስኑ የስኳር ሕሙማን አሉ። 100 ግራም የተቀቀለ ነጭ ሩዝ 28 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ጥሬው 80። 200 ግራም የተቀቀለ ሩዝ የሚበላ ሰው 56 ግራም መቁጠር አለበት። የፓኬቱን ጀርባ አንብቦ ከቆጠረ 160 ይላል፣ የሚወጋውም ለ160 ነው። ከሚያስፈልገው ወደ ሦስት እጥፍ ማለት ነው፤ ስኳሩ አደገኛ ደረጃ ላይ ሊወርድ ይችላል። ፓኬቱ አልዋሸም። የሚናገረው በሳህኑ ላይ ስላለው ምግብ አለመሆኑን ግን ማንም አልነገረውም።

እዚህ ላይ ፓኬት የሚያትሙትን ብዙም አልወቅስም። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ መለያ ደንብ ቁጥሩ ምግቡ በተሸጠበት ሁኔታ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለ ተዘጋጀው መጻፍ የሚፈቅደው አሠራሩ በዝርዝር ከተሰጠ ነው። ትክክል ነው፤ ድስታችሁን የማያውቅ ፋብሪካ ስለ ድስታችሁ ቁጥር ሊሰጥ አይገባም። «ያልተቀቀለ» የምትል አንዲት ቃል ከቁጥሩ አጠገብ ቢያስገቡ ግን ምን ነበረበት?

የምወቅሰው «ምሳ፦ 150 ግራም ሩዝ፣ 150 ግራም ዶሮ» ብሎ ወረቀት የሚሰጠውን አሠልጣኝና የአመጋገብ አማካሪ ነው። 150 ግራም የተቀቀለ ሩዝ 195 ካሎሪ ነው፣ ለጂም ሰው ትንሽ። 150 ግራም ጥሬ ደግሞ 540 ካሎሪ ነው፣ ሲበስል ከ400 ግራም በላይ፣ አንድ ሙሉ ሳህን። አንዱ ሰው እየተራበ ሌላው እየጠገበ አንድ ወረቀት ይከተላሉ። ዶሮው ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሥጋ ሲበስል ውሃ ስለሚያጣ የበሰለው በግራም ካሎሪው ይጨምራል። ስለዚህ «ሁሉንም እንደበሰለ ቁጠረው» ብሎ መገላገልም አይሆንም። ወረቀት የሰጣችሁን ሰው ጥሬ ነው የበሰለ ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ካላወቀ ወረቀቱን መልሱለት።

ለሚመዝኑ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች። ሩዙን ከመታጠቡ በፊት መዝኑ። ታጥቦ ውሃው የጠለለ ሩዝ እርጥበት ይዟል፤ ግማሽ ሰዓት የተዘፈዘፈው ደግሞ ውሃውን አስቀድሞ ጠጥቷል። ሁለቱም «ጥሬ» ይባላሉ፣ ግን በፓኬቱ ቁጥር ሊቆጠሩ አይችሉም። ፓስታ ከተቀቀለ በኋላ የምትመዝኑ ከሆነ ደግሞ በደንብ ይጠል። በተለይ መኮረኒ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይዞ ይመጣል።

ያደረ ሩዝስ? ከላይ ካለው ድስት ግማሹ ተበልቶ ግማሹ ፍሪጅ ገባ እንበል፦ 800 ግራም፣ 1,110 ካሎሪ። ክዳኑ በደንብ ስላልገጠመ ጠዋት 760 ግራም ሆኖ ተገኘ። የጠፋው ውሃ ነው፣ ካሎሪው አለ። ከዚያ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት መጥበሻ ላይ ተሞቀ፣ ሌላ 120 ካሎሪ። አሁን 1,230 ካሎሪ በ773 ግራም ውስጥ ነው። ማታ በግራም 1.39 የነበረው ሩዝ ለቁርስ 1.6 ገደማ ሆኗል፣ አፑ ግን አሁንም 1.3 ይላል።