ነዳጅ ቢወጣልን እያላችሁ ለምትመኙ

የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ የተሰጠኝ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሳልዞር ልናገር። ሻይ ቤት ቁጭ ባላችሁ ቁጥር «ነዳጅ ቢወጣልን እኮ ያልፍልን ነበር» የምትሉትን ነገር ተዉት። ወይም ቢያንስ ከወጣ በኋላ የሚመጣውን አስቡ። ባለሙያዎች «የሀብት እርግማን» ይሉታል። ብዙዎቻችሁ ሌብነት ብቻ ይመስላችኋል። ማንም ሳይሰርቅም ይመጣል።

እዚሁ በሰፈራችን ላሳያችሁ። ቁጥሩ የኔ ምሳሌ ነው። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ለመሥራት 1000 ብር ይፈጃል እንበል። የውጪው 10 ዶላር ነው። ዶላር 120 ብር ሲሆን የውጪው ሰኞ ገበያ ላይ 1200 ይገባል፤ የኛው ይሸጣል። ነዳጁ ወጣ፣ ዶላር ጎረፈ፣ ምንዛሪው 80 ብር ሆነ። የውጪው አሁን 800 ነው። እናንተ ደስ ብሏችሁ ትገዛላችሁ። የሸማኔዋ ደመወዝ ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ጨመረ፤ የነዳጁ ብር ግንባታ ላይ ፈስሶ ሠራተኛ ተወዷል። ፋብሪካው መጀመሪያ የሌሊት ፈረቃውን ይዘጋል፣ ከዚያ በሩን። ነዳጁ ዋጋው የወረደ ቀን ፋብሪካውም የለም፣ ሸማኔዋም የለችም።

ምልክቱን ልንገራችሁ፦ ከውጪ የሚመጣው ዕቃ እየረከሰ፣ የቤት ኪራይና የፀጉር ቤት ዋጋ ግን ሲንር። ኪራይ ከውጪ አይመጣማ።

ናይጄሪያ ይህን አይታዋለች። ነዳጅ የተገኘው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ካኖ ላይ ኦቾሎኒ በጆንያ እንደ ፒራሚድ ይከመር ነበር። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ተተኮሰ፤ የአገሪቱ ገንዘብ ናይራ ጠነከረ፤ ኦቾሎኒውን ውጪ ሸጦ የሚገኘው ዶላር በናይራ ሲመነዘር አነሰ። ገበሬውም ልጁም ወደ ከተማ ሄዱ። ድርቅና የሰብል በሽታም እጃቸው አለበት፣ አልክድም። ብቻ ክምሩ ጠፋ። በ1980ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ አገሪቱ ምግብ የምትገዛበት ዶላር ቸገራት።

«ታዲያ ነዳጅ ያላት ኖርዌይስ?» ትሉኛላችሁ። ኖርዌይ በ1990 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታ የነዳጁ ገቢ የሚቀመጥበት ፈንድ አቋቋመች። ፈንዱ የሚገዛው የውጪ አክሲዮንና ቦንድ ነው፤ ዶላሩ አገር ቤት ገብቶ ገንዘባቸውን እንዳያጠነክር። መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣው ከፈንዱ ጥቂቱን ነው።

ኦፓል ደላንታ በ2000 ዓ.ም. ሲገኝም እልል ብለናል። እሱ ለዚህ እርግማን አያበቃም፤ ትንሽ ነው። ነገ ትልቅ ነገር ተገኘ ከተባለ ግን «ስንት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ዶላሩ የት ይቀመጣል? በዓመት ስንት ይወጣል?» በሉ።

ሰዓቴ አለቀ። ያ ከወገል ጤና የመጣው ልጅ እጁን አንስቷል፤ ማይኩን ስጡት።