ጭስ የሌለው ትምባሆም ካንሰር ያመጣል

«ወንድሜ ሱዳን ሳለ ቶምባክ የሚባለውን አፍ ውስጥ የሚያዝ ትምባሆ ለመደ። ጭስ ስለሌለው ካንሰር አያመጣም ይላል። ከታችኛው ከንፈሩ ውስጥ ነጭ ነገር ወጥቷል፤ ግን አያመውም።»

እህቴ፣ ካንሰር የሚያመጣው ጭስ ብቻ አይደለም። ናይትሮሳሚን የሚባሉት መርዞች ቅጠሉ ሲደርቅና ሲብላላ እዚያው ትምባሆው ውስጥ ይፈጠራሉ። እሳት አያስፈልጋቸውም። ቶምባክ ደግሞ በእነሱ ብዛት ከታወቁት አንዱ ነው። የቶምባኩ ድብልብል ኳስ ከንፈርና ድድ መሀል ስትቀመጥ በቀጥታ ስስ ቆዳው ላይ ታርፋለች። ነጩ ነገር እዚያው ቦታ ላይ መውጣቱም ለዚህ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ «አያመውም» የሚለው ነው። የአፍ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። ሕመም እስኪመጣ መጠበቅ ለካንሰሩ ጊዜ መስጠት ነው።

አሁኑኑ ቶምባኩን ያቁም፤ አፉ ውስጥ ቦታ እየቀየረም አይቀጥል። በዚሁ ሳምንት ለጥርስ ሐኪም ይታይና ምን ያህል ጊዜ እንደተጠቀመ ሳይደብቅ ይናገር። ብዙ ነጭ ምልክቶች ትምባሆው ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋሉ። ካልጠፋ ሐኪሙ ትንሽ ሥጋ ቆንጥሮ ለምርመራ ይልካል። በዓይን ብቻ ካንሰር መሆን አለመሆኑን መለየት አይቻልም።

ነጩ መሀል ቀይ ከታየ፣ ከጠነከረ ወይም ከደማ ግን ቀጠሮ አይጠብቅ። ቀዩ ከነጩ ይበልጥ አደገኛ ነው። ሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ የደነዘዘ ከንፈር፣ ያለምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ ወይም አንገት ላይ ያበጠ እጢም እንደዚሁ ነው።