ማስተካከያ፦ ለቻይና አቅራቢ የሚጻፍ የመጀመሪያ ኢሜይል

«ለቻይና አቅራቢ ስትጽፉ ‹ቺናይ ደ› ብላችሁ ጀምሩ፤ ‹ውድ› ማለት ነው።»

ብዙ ሰው ያጋራው ይህ ምክር ስህተት ነው። አጠራሩ ለቤተሰብና ለወዳጅ ነው፤ ከማያውቁት ነጋዴ ሲመጣ ያለ ልክ መቀራረብ ይመስላል። (የኦንላይን ሱቆች ደንበኛን «ቺን» እያሉ ማቆላመጣቸው ሳያሳስት አልቀረም። እሱ ግን የሻጭ ቋንቋ ነው።) የቻይንኛ የንግድ ደብዳቤ መማሪያዎች የሚሰጡት መክፈቻ «ዙንጂንግ ደ» ነው፤ «የተከበሩ» እንደማለት። ቀጥሎ የቤተሰብ ስም፣ ከዚያ ማዕረግ ይመጣል።

ተቀባዩ ዋንግ ሚንግ የሚባል ሥራ አስኪያጅ ነው እንበል። «ዙንጂንግ ደ ዋንግ ጂንግሊ» ትላላችሁ፤ «ጂንግሊ» ሥራ አስኪያጅ ማለት ነው። በሚቀጥለው መስመር «ኒን ሃው»፤ «ጤና ይስጥልኝ» እንደማለት። እንደኛ «አቶ ሚንግ» አይሠራም፤ የቤተሰብ ስሙ የፊተኛው ዋንግ ነው። ማዕረጉ ሌላም ጥቅም አለው፦ ወንድ ይሁን ሴት ባታውቁም አትሳሳቱም። ስሙን ካላወቃችሁ «ኒን ሃው» ብቻውን ይበቃል። «ኒን» እንደ «እርስዎ» የአክብሮት ነው፤ እንደ «አንተ» ያለውን ተራውን «ኒ» አትቀላቅሉበት።

በተሳሳተው መክፈቻ የላካችሁ ይቅርታ መጻፍ አያስፈልጋችሁም፤ ቀጣዩን መልእክት በትክክለኛው ጀምሩ። ምላሹ «እናስብበት» ብቻ ሆኖ ዋጋም ቀንም ከሌለው ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ በጨዋ ደንብ እምቢ ማለት ነው። ሌላ አቅራቢ ፈልጉ።