ኬብል ላይ የቆጠቡ ብፁዓን ናቸው

እብነ በረዱ ከጣሊያን፣ በሩ ከቱርክ፣ የሳሎኑ መብራት ከዱባይ። ጂ ፕላስ ፎር ሲሠራ ገንዘብ አይቆጠርም። ቁጠባ የሚጀመረው የኔትወርክ ኬብል ላይ ሲደረስ ነው። ባለቤቱ መነጽሩን ያደርጋል፣ ፕሮፎርማውን ደጋግሞ ያነባል፣ ከዚያ ይፈርዳል። «ኬብል ኬብል ነው። ርካሹን አምጣ። ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ማን ያየዋል?»

እኔ ይህን ሰው ከልቤ አደንቀዋለሁ። የሚታየውን ሁሉ በውድ ገዝቶ፣ የማይታየውን በርካሽ መግዛት ተራ ሰው የሚደርስበት ጥበብ አይደለም። በተለይ የማይታየው ነገር ለመቀየር ግድግዳ ማፍረስ የሚጠይቅ ሲሆን።

ርካሹ ካርቶን ውስጥ ያለው ነገር በሙያው ቋንቋ ሲሲኤ ይባላል። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ማለት ነው። መሃሉ አሉሚኒየም ነው፣ ላዩ ላይ ስስ የመዳብ ቅብ አለው። ከሽቦው ይዘት ውስጥ መዳቡ አንድ አስረኛ ገደማ ነው። ከውጭ ሲያዩት ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ያምራል። በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ጋር ቀላቅለው የሚሸጡት ሰዎች ይህን ቢያዩ በሙያቸው ያፍሩ ነበር። እነሱ እኮ በከፊልም ቢሆን በርበሬ ይጨምራሉ።

ተሸካሚውም ይመርቀዋል። ባለ 305 ሜትር አንድ ካርቶን ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል፣ እውነተኛ መዳብ ከሆነ፣ ሽቦው ብቻ 4.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሲሲኤ ሲሆን 1.7 ኪሎ ገደማ ነው። ፕላስቲኩና ካርቶኑ በሁለቱም ላይ እኩል ነው። ስለዚህ አንዱን ካርቶን አንስቶ «ይሄ ደግሞ እንዴት ቀለለ!» ያለ ሠራተኛ ሳያውቀው የላቦራቶሪ ምርመራ አድርጓል። ግን ማን ይሰማዋል? ሻጩ «አዲሱ ቴክኖሎጂ ነው ወንድሜ፣ ቀላል ነው፣ ለመጎተት ይመቻል» ብሎ ይዘጋዋል።

ከሲሲኤው በፊት ግን የዚህ እምነት ሌላ ፍሬ አለ። «ኬብል ኬብል ነው» የሚል ሰው ሶሊድና ስትራንድድ የሚባል ልዩነት አይገባውም። ሶሊድ ማለት እያንዳንዱ ሽቦ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነው። ስትራንድድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰባት ቀጫጭን ሽቦዎች ተገምደው አንድ የሆኑበት ነው። ወጡ ገመድ ደረቅ ነው፣ ደጋግመው ካጠፉት ይሰበራል፣ ግን ሲግናል በደንብ ያደርሳል። የተገመደው ይተጣጠፋል፣ ግን በመንገድ ላይ ሲግናሉ ይበልጥ ይደክማል። በአሜሪካው ቲአይኤ 568 መስፈርት ስሌት፣ በሽቦ ውፍረት መለኪያ 24 ቁጥር የሆነ ስትራንድድ ገመድ ከሶሊዱ 20 በመቶ የበለጠ ሲግናል ያባክናል። ሥራው የተከፋፈለው በዚህ ምክንያት ነው። ገመዶቹ ሁሉ ከሚሰበሰቡበት ፓች ፓናል እስከ ግድግዳው ሶኬት ያለው እስከ 90 ሜትር ሶሊድ ነው። በሁለቱም ጫፍ ያሉት አጫጭር ፓች ኮርዶች ስትራንድድ ናቸው፣ ተደምረው 10 ሜትር ገደማ።

የእኛ ጀግና ግን ይገለብጠዋል። የሚተጣጠፈውን ለስላሳ ገመድ «ለቧንቧ ይመቻል» ብሎ ግድግዳ ውስጥ ይጎትታል። ከጎተተው የተረፈውን ሶሊድ ደግሞ ፕላግ ገጥሞበት ከወንበሩ ሥር ያንጠለጥለዋል። ወንበሩ በተገፋ ቁጥር ገመዱ ይታጠፋል፣ አንድ ቀን ከፕላጉ ጀርባ ይሰበራል። የግድግዳው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ፓች ፓናሉና ኪስቶን የሚባለው የሶኬቱ ራስ ውስጥ ያሉት ስለት ያላቸው ጥርሶች የተሠሩት ለአንድ ወጥ ሽቦ ነው። የፓንች ዳውን መሣሪያው ሽቦውን ሲገፋው፣ ጥርሱ ፕላስቲኩን ቀዶ ወጡን ሽቦ አጥብቆ ይይዛል። ሰባት ቀጫጭን ሽቦ ሲገባበት ግን ሽቦዎቹ ይንሸራተታሉ፣ ይበታተናሉ፣ አንዳንዱም ይቆረጣል። ያን ቀን ይሠራል። ከወራት በኋላ ግን «አንዳንዴ ይቆራረጣል» ይጀመራል፣ «አንዳንዴ» ደግሞ ባለሙያ ሲመጣ የማይታይ በሽታ ነው።

ወደ ሲሲኤ እንመለስ፣ ዋናው ቅኔ ያለው እዚያ ነው።

ሻጩ «ይሠራል» ሲል አይዋሽም፣ ይህ መመስከር ያለበት ነገር ነው። በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሄድ ሲግናል በሽቦው ሙሉ አካል ውስጥ አይሄድም፣ በቆዳው ላይ ነው የሚንሸራተተው። በ100 ሜጋ ኸርዝ ይህ ቆዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ይሳሳል፣ ስለዚህ ስሱ መዳብ ይበቃዋል። የቴሌቪዥን አንቴና ኮአክሲያል ገመድ መሃሉ የተለበጠ ቢሆን ነውር የማይሆነውም ለዚህ ነው። በኔትወርክ ኬብልም አጭር ርቀት ላይ ኢንተርኔቱ ይሮጣል፣ ላፕቶፑ «1 ጊጋ» ብሎ ያሳያል። ያቺ ስምንት መብራት ያላት ትንሽ ቴስተርም ከአንድ እስከ ስምንት ተራ በተራ ታበራለች። እሷ የምትጠይቀው ሽቦው ከዚህ እስከዚያ መድረሱን ብቻ ነው። የምን ሽቦ እንደሆነ አትጠይቅም። ባለቤቱ ያጨበጭባል፣ ባለሙያው ቀሪ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

ቆዳው ላይ የማይሄድ አንድ ነገር ግን አለ፦ የጥበቃ ካሜራው የሚበላው ኃይል። ፒኦኢ በሚባለው አሠራር፣ ኬብሎቹን የሚያገናኘው የኔትወርክ ስዊች ዳታ በሚልክበት በዚያው ኬብል ቀጥተኛ ከረንትም ይልካል። ቀጥተኛ ከረንት ደግሞ ሙሉውን ሽቦ ነው የሚጠቀመው፣ ሽቦው ደግሞ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። የሲሲኤ ሬዚስታንስ በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ በ55 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ቲአይኤ 568 ለአንድ ሽቦ በ100 ሜትር ከ9.38 ኦም በላይ አይፈቅድም። መዳቡ 8.4 ላይ ይቆማል። ሲሲኤው 13 ይደርሳል። መስፈርቱም በግልጽ መዳብ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የታተመው «ካት 6» ከምኞት አይዘልም።

ከጊቢው ጥግ ያለውን ካሜራ እንውሰድ። ከስዊቹ 80 ሜትር ይርቃል። ዞር ዞር የሚል፣ ማታ የኢንፍራሬድ መብራት የሚያበራ ዓይነት ነው። ቀን 10 ዋት ይበላል፣ ማታ 25። ስዊቹ 50 ቮልት ይልካል፣ በሁለት ጥንድ ሽቦ። በዚህ አላላክ የሙሉ ደርሶ መልሱ ሬዚስታንስ ከአንድ ሽቦ ሬዚስታንስ ጋር እኩል ይሆናል፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። መዳብ ቢሆን 6.7 ኦም ነው። ማታ ካሜራው ጋ 46 ቮልት ይደርሳል፣ ሰላም ነው። ሙሉ ውፍረት ያለው ሲሲኤ ቢሆን 10.4 ኦም፣ 44 ቮልት ይደርሳል። ካሜራው ከ42.5 በላይ ስለሚፈልግ እያቃሰተም ቢሆን ያድራል።

ግን መዳቡ ላይ የቆጠበ ፋብሪካ ውፍረቱ ላይ ለምን ይለግሳል? ካርቶኑ ላይ 24 ቁጥር ይባላል፣ ሲለካ 0.51 ሚሊ ሜትር መሆኑ ቀርቶ 0.40 ሆኖ ይገኛል። አሁን ሬዚስታንሱ 17 ኦም ሆነ። ቀን ላይ ምንም የለም፣ 46 ቮልት ይደርሳል፣ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ባለቤቱ በስልኩ ለእንግዳ ያሳያል። ሲመሽ መብራቱ በራ፣ ካሜራው 25 ዋት ጠየቀ። ቮልቱ ወደ 39 ወረደ። ከረንቱ ከ0.6 አምፔር አለፈ፣ የፒኦኢው ደረጃ ከሚፈቅደው በላይ ማለት ነው። ስዊቹ ቆረጠው። ካሜራው ጠፋ፣ እንደገና ተነሳ፣ መብራቱን አበራ፣ ደግሞ ጠፋ። እስኪነጋ።

ቀን ሲሠራ የሚውል፣ ሌባ በሚመጣበት ሰዓት የሚያርፍ ካሜራ! ጥበቃውስ ቢሆን ሌሊት ይተኛ የለ እንዴ?

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞ ደግሞ ኢኮኖሚውን ያነቃቃል። መጀመሪያ ካሜራው ይቀየራል፣ «ፋብሪካው ነው» ይባላል። ቀጥሎ ስዊቹ። ከዚያ መብራት ኃይል ይረገማል። ኬብሉን የሚጠረጥር የለም፣ ቴስተሩ ላይ ስምንቱም በርተዋላ!

አንድ ካሜራ እንኳ ባይኖር ጫፉ ላይ ያለው ጉዳይ አይቀርም። የኪስቶኑ ጥርስ ሽቦውን ሲነክስ ስሱን መዳብ አልፎ አሉሚኒየሙን ያጋልጠዋል። የተጋለጠ አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ከረንት የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያበቅላል። በዚያ ላይ አሉሚኒየም ሲጨመቅ ቀስ በቀስ እየተለጠጠ ከጥርሱ ሥር ይሸሻል። ዛሬ የጠበቀው ከዓመት በኋላ ይላላል። መዳብ ይህን ጠባይ አያሳይም ለማለት ይቻላል። ሲሲኤ ቶሎም ይሰበራል፤ በቧንቧ ሲጎተት፣ ሳጥን ውስጥ ሲጠቀለል፣ ሶኬቱ ለቀለም ሥራ ተነቅሎ ሲመለስ።

አሁን ለቆጣቢ ወገኖቼ አንዳንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፣ ደስታችሁን የሚያበላሹ ሰዎች አሉና። ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውን በምላጭ እንዳትፍቁት። መዳብ ቢፋቅም ቀይ ነው፣ ሲሲኤ ሲፋቅ ነጭ ይወጣዋል፣ ማወቅ ደግሞ ያሳዝናል። ጫፉን በላይተር አታሙቁት፣ ቀጭን አሉሚኒየም ቀልጦ ይልፈሰፈሳል፣ መዳቡ ግን ግሎ ይቆማል። ማግኔት ግን እንደፈለጋችሁ አስጠጉ፣ ሁለቱም አይሳቡም። ሻጩም ደስ እያለው ያቀብላችኋል።

ከሁሉም በላይ መልቲሜትር ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ተጠንቀቁ። ይህ ሰው ካርቶኑን ይከፍትና የአንዷን ሽቦ ሁለቱን ጫፎች ፈልጎ ኦም ይለካል። ባለ 24 ቁጥር መዳብ ከሆነ 305 ሜትሩ ላይ 26 ኦም ገደማ ያነባል። 40 እና ከዚያ በላይ ካነበበ ካርቶኑን ዘግቶ «ጋሼ፣ ይሄን ግድግዳ ውስጥ አልከትም» ይላችኋል። እንዲህ ዓይነቱን ነገረኛ አባርሩትና «ችግር የለውም» የሚለውን ቅጠሩ። ርካሽም ነው።