«ያልኩትን ብቻ ጻፊ!»

አሁን ገና ከቢሮ መውጣቴ ነው። ከዚራ ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። እጄ ራሱ ይንቀጠቀጣል።

አለቃዬ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ የውጭ ቡና ገዢ መለሰ። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ ማስፈራሪያ ነው?» አለ። ለማን? ለእኔ! ከደብዳቤው ስር ያለው የእኔ ስም ነዋ።

አለቃዬ ደግሞ እንግዶቹ ፊት ጮኸብኝ። «አንቺ ልጅ፣ እንግሊዝኛ ትችያለሽ ብዬ አይደል የቀጠርኩሽ? ሰውዬውን አስቀየምሽብኝ!»

«ጋሼ፣ እንደዚህ አይባልም ብዬህ ነበር እኮ።»

«አቦ ተይኝ! እኔ ያልኩት ሌላ፣ አንቺ የጻፍሽው ሌላ።»

ሌላ?! ከኋላዬ ቆሞ «አታሳምሪው፣ አታሳጥሪው፣ ያልኩትን ብቻ ጻፊ» እያለ ያስጻፈኝ ማን ሆነና!

ደብዳቤው እንዲህ ነበር የሚለው። «የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ናሙናው ከደረሳችሁ ቆይቷል። ዛሬውኑ መልስ ስጡን። ካልሆነ ቡናው አይጫንም።» በአማርኛ ምን ክፋት አለው? ምንም። ሰውዬው ናሙናውን ቀምሶ ይሁን ካላለ ቡናው ወደ ጅቡቲ አይንቀሳቀስም። ኮንቴነሩ ደግሞ ለሐሙስ ተይዞልናል። ለምን እንደቸኮልን ማንም ይገባዋል።

እንግሊዝኛው ላይ ግን ጉድ ፈላ። «ስጡን» ስንል አክብሮቱ እዚያው ግሱ ውስጥ አለ። «ስጠን» አላልንማ። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ያው «ጊቭ» ነው። ስለዚህ «ጊቭ አስ ዩር አንሰር ቱዴይ» ሲባል አክብሮቱ መንገድ ላይ ቀረና ትዕዛዝ ብቻ ደረሰው። «ፕሊዝ» ጨምሪበት የሚሉኝ አሉ። «ፕሊዝ ጊቭ አስ» ያው ትዕዛዝ ነው፣ ትንሽ የተቀባባ ትዕዛዝ። «ካልሆነ» ደግሞ ከሁሉም የባሰች ናት። እኛ ምክንያት መንገራችን ነው። «ኢፍ ኖት» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ግን ለእነሱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው።

እኛ የድሬ ልጆች አባታችንን የሚያህለውን ሰው «አንተ» ብለን ማንም አይቀየምም። ድምፃችን አለ፣ ሳቃችን አለ፣ «አቦ» አለች። ወረቀት ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም!

ለዚያ ሁሉ ትዕዛዝ መግቢያው ደግሞ ሰላምታ በሰላምታ። ፈረንጁ የቤተሰቡን ጤና ስንጠይቀው ምን ፈልገው ነው ብሎ ይጠረጥራል። ከዚያ ወዲያው «ዛሬ መልስ ስጡን» ይመጣበታል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ አክብሮቱን ከሰላምታው ላይ አንስታችሁ ጥያቄው ላይ አድርጉት። ሰላምታው «አይ ሆፕ ዩ አር ዌል» ብቻ ይበቃዋል። ቀጥሎ ምክንያቱ ይቅደም፣ ጥያቄው ይከተል፣ ቀኑም ይታወቅ። «ዘ ኮንቴነር ኢዝ ዱ ቱ ሎድ ኦን ተርስዴይ፣ ሶ ኩድ ዩ ሌት አስ ኖው ባይ ዌንስዴይ?» አለቀ! ሐሙስ ይጫናል፣ እስከ ረቡዕ ልታሳውቁን ትችላላችሁ ወይ ነው። «ካልሆነ» የሚባል ነገር የለበትም። ግን ረቡዕ ካለፈ ምን እንደሚሆን ራሱ ያውቀዋል።

ይህንኑ ጽፌ አሳይቼው ነበር። «ይሄማ ልመና ነው፣ ደግሞ አጭር ነው» ብሎ አስጠፋኝ።

ልመና ማየት ከፈለገ ያን ጊዜ የጎረቤታችን ልጅ ለስኮላርሺፕ ያስጻፈውን ማየት ነበረበት። «ከእግርዎ ስር ወድቄ እለምናለሁ» የሚለውን አንዱ ጸሐፊ እንዳለ ገልብጦለታል። «አይ ፎል አንደር ዩር ፊት»! ልጁ ውጤቱ ጥሩ ነበር። ስለ ውጤቱ ግን ደብዳቤው አንድ መስመር የለውም። ገንዘብ ከፍሎ ነው እኮ ያስጻፈው። እዚያ ቦታ የሚያስፈልገው «አይ ዉድ ቢ ግሬትፉል» እና ማርኩ ነበር።

ወደ ሌላው ጫፍ የሚሮጡም አሉ። «ኩድ ዩ፣ ካይንድሊ፣ ፕሊዝ፣ ኢፍ ፖሲብል» ሁሉንም አንድ ላይ ይደረድሩታል። ያኔ ሰውዬው እየተሾፈበት ይመስለዋል። አንዷ ትበቃለች። ደግሞ ሁሌ ማለስለስ ነው አላልኩም። ደጋግመን አስታውሰነው ዝም ያለ ባለዕዳ ቢሆን «ዊ ኒድ ዘ ፔይመንት ባይ ፍራይዴይ» እለዋለሁ፣ ያለምንም «ኩድ ዩ»። ይሄኛው ገዢ ግን ምን አደረገ? ገና አንድ ጊዜም አልጠየቅነውም ነበር!

አሁን ይቅርታ ጻፊ ተብያለሁ። እሱም ተነግሮኛል፤ «ከልብ የመነጨ ጥልቅ ይቅርታችንን በታላቅ ትህትና» ይላል መጀመሪያው። አልጽፈውም። ሦስት መስመር ነው የምጽፈው፤ አገላለጻችን ጥሩ አልነበረም፣ የቸኮልነው በኮንቴነሩ ምክንያት ነው፣ እስከ ረቡዕ ልታሳውቁን ትችላላችሁ? አላምር ካለው የራሱን ራሱ ይጻፍ፣ ስሙንም ራሱ ከስር ያድርግበት።