ትሑታኑ ጥቅስ ደርዳሪዎቻችን

ድርሰት ለመጻፍ መድከም ድሮ ቀረ። የዛሬዎቹ ጎበዞች ስለ ውጫሌ ውል ትንታኔ ጻፉ ሲባሉ ውሉን ራሱን አንሥተው ያሰፍሩታል፤ በላዩ ስማቸውን ይጽፉበታል። ይባረኩ! ከአምስቱ ገጽ አራቱ ጥቅስ ነው። አንባቢ 20ውንም አንቀጽ ሲያነብ ይውላል፣ ከጸሐፊው የሚያገኛት ግን «ከላይ እንደተጠቀሰው» የምትለዋን ብቻ ናት። እንዲህ ያለ ትሕትና ከየት ይገኛል?

ይህ የማይጥማቸው ምቀኞች አይጠፉም። የተሰጠው ጥያቄ «የኢትዮጵያና የኢጣልያ ጠብ ከምን መጣ?» ከሆነ፣ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የወዳጅነትና የንግድ ውል መሆኑን፣ ወሰንንም እንደሚነካ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምቀው ያልፋሉ። ያ ለነሱ ዳራ እንጂ ማስረጃ አይደለም። 17ኛው አንቀጽ ጋ ሲደርሱ ግን እርምጃቸው ይከብዳል። አንቀጹ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ስለ መጠቀም እንደሚናገር በራሳቸው አባባል ያስረዳሉ፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው ሐሳቡ ነውና። ከዚያ ሙግቱ ያረፈበትን ቃል ብቻ በትምህርተ ጥቅስ ያስገባሉ፦ አማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ ጣልያንኛው «ኮንሴንቴ»፣ ማለትም «ይስማማሉ»። አንደኛው ፈቃድ ነው፤ ሌላውን ሮም እንደ ግዴታ ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለችበት። ቃሉን ቢለውጡት ማስረጃው ስለሚጠፋ እንዳለ ይጠቅሱታል። ለአንዲት ቃል ሦስት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ! እንዴት ያለ ስስት ነው?

ከደርዳሪዎቹ የሚበልጡ ደግሞ አሉ፦ ቃል ለዋጮቹ። «ኮፒ» እንዳይባሉ ዓረፍተ ነገሩን ከነአጥንቱ ይተዉና ሥጋውን ይቀይሩታል። «ንጉሠ ነገሥት» «አፄ» ይሆናል፣ «መንግሥት» «አገዛዝ» ይሆናል፣ «ይቻላቸዋል» ደግሞ፣ እጃቸው ይባረክና፣ «ይገባቸዋል»። አፄ ምኒልክ አልቀበልም ያሉትን፣ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደም የፈሰሰበትን ትርጉም እነዚህ በአንድ ቃል ለሮም ይፈርሙላታል። «በራሴ አባባል ነው» ብለውም ምንጩን አይጠቅሱም።

ምቀኞቹ እዚህም ነገር ያከብዳሉ። አንቀጹን ሁለት ጊዜ አንብበው ገጹን ይዘጉታል፤ የገባቸውን ይጽፋሉ፤ ከዚያ ገልጠው ያስተያያሉ። ቅደም ተከተሉ ከዋናው ጋር እኩል ከሄደ በራስ አባባል አልተጻፈም ብለው ይሰርዛሉ። «ይችላል» የነበረው «አለበት» ሆኖ እንደሆነም ይፈትሻሉ። ጨምቀውም ይጻፉ በራሳቸው አባባል፣ ምንጩን ይናገራሉ፤ ሐሳቡ የሰው ነዋ!

የኛ ጀግና ግን በጊዜ ጨርሶ ተኝቷል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ታዲያ ጠቡ ከምን መጣ?» ብለው ጽፈውበታል። መልሱን ጠዋት ከሥሩ አስፍሮ መልሶላቸዋል፦ «ከላይ እንደተጠቀሰው።»